በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ የሚጠብቁትን ደመወዝና ሥራ የሚለቁበትን ጊዜ ሲጠየቁ ምን ብለው ይጻፉ?

የሥራ ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ «አመልካቾች የሚጠብቁትን የደመወዝ መጠንና ሥራ መጀመር የሚችሉበትን ጊዜ በማመልከቻ ደብዳቤያቸው ላይ እንዲገልጹ» የሚል መስመር ሲመጣ፣ ብዙ ሰው እስከዚያ ድረስ በጥንቃቄ የጻፈውን ደብዳቤ በሁለት ችኩል ዓረፍተ ነገሮች ይዘጋዋል። አንዱ መልሱን ጨርሶ ይዘለዋል፣ ሌላው «ደመወዝ በስምምነት፣ ሥራ ወዲያውኑ መጀመር እችላለሁ» ብሎ ያልፋል። ለዓመታት ማመልከቻ ሳጣራ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ በእነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ የተሰጠ መልስ የሚነበበው ደብዳቤው ራሱ ከሚነበበው በላይ በትኩረት መሆኑን ነው። ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ ውስጥ በግል ድርጅት ወይም በግብረ ሰናይ ድርጅት ለሚያመለክት፣ አሁንም በሥራ ላይ ለሚገኝ ሰው የተዘጋጀ ነው።

አስቀድሞ፦ በእርግጥ ተጠይቀዋል?

ማስታወቂያውን ደግመው ያንብቡ። «ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚለው አገላለጽ ጥያቄ አይደለም፤ ድርጅቱ መጠኑን ከመረጠው ሰው ጋር እንደሚነጋገርበት ማሳወቁ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ማስታወቂያ ላይ ገንዘብን በደብዳቤ ማንሳት አያስፈልግም። «በድርጅቱ የደመወዝ ስኬል መሠረት» የሚለው ደግሞ መጠኑ አስቀድሞ የተቆረጠ መሆኑን ስለሚናገር፣ ቁጥር መጻፍ ከንቱ ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያውን በቅጡ ያላነበበ ሰው ያስመስላል። ያልተጠየቀን ቁጥር አስቀድሞ መጻፍ የሚጎዳው አመልካቹን ነው። አሠሪው ሥራውን ምን ያህል ሊከፍልበት እንዳሰበ ሳይገልጽ እርስዎ ተገልጠዋልና።

ጥያቄው በግልጽ ከቀረበ ግን መልሱን መዝለል አያዋጣም። ማመልከቻዎችን የሚያጣራው ሰው በአብዛኛው የሚሠራው በሠንጠረዥ ነው፤ ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የተጠየቀ ደመወዝ፣ መጀመሪያ ጊዜ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ባዶ የቀረ ዓምድ «መመሪያ አልተከተለም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፣ በተለይ አመልካቾቹ ሁለትና ሦስት መቶ ሲሆኑ። «በስምምነት» ብሎ መመለስም ከባዶነት ብዙ የሚሻል አይደለም፤ ጥያቄውን ለጠያቂው መመለስ ነው። ስለዚህ ቁጥር ከተጠየቁ ቁጥር ይስጡ፤ ጭንቀቱ የትኛው ቁጥር እንደሆነና እንዴት እንደሚጻፍ ላይ ይሁን።

ቁጥሩን ማግኘት፦ ከተጣራው ወደ ያልተጣራው

አሠሪ ደመወዝ ሲል በጀት የሚይዘው ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰበትን ማለትም ጥቅሉን መጠን ነው። ሠራተኛ ግን ኑሮውን የሚያስበው ባንክ በሚገባለት የተጣራ መጠን ነው። ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱት በዚህ መካከል ነው፤ በልባቸው የተጣራ አስበው በደብዳቤው ላይ ምንም ሳይለዩ ቁጥሩን ይጽፉታል፣ ቅጥሩ ከተፈጸመ በኋላም በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን ይደነግጣሉ።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ግብር የለውም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ክፍል ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ደመወዙ ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ሰው ግብሩን ለማግኘት ጥቅሉን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር ይቀንሳል። ከዚህ በተጨማሪ ኢትዮጵያዊ የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፍላል፤ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ግን ከሠራተኛው ኪስ አይወጣም። እንግዲህ ከ14,000 ብር በላይ በሚጨመርልዎት በእያንዳንዱ ብር ላይ እጅዎ የሚገባው 58 ሳንቲም ነው። «አራት ሺህ ጨምሩልኝ» ያለ ሰው በተግባር የጠየቀው 2,320 ብር ነው።

ወደ ኋላ ለማስላት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ከሚፈልጉት የተጣራ ደመወዝ ላይ 2,050 ቀንሰው ቀሪውን ለ0.58 ያካፍሉት። የሚወጣው ውጤት በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ጥቅል ደመወዝ መነሻ ነው። ስሌቱ የሚሠራው ጥቅሉ ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ መነሻ ደመወዝ ሲሆን፣ የትራንስፖርትና የመሳሰሉት አበሎች የራሳቸው የግብር አያያዝ ስላላቸው ለብቻ ይታያሉ።

አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው እንከተል። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በአንድ የማምረቻ ድርጅት ውስጥ አምስት ዓመት ሠርታለች። የመነሻ ደመወዟ 26,000 ብር ሲሆን፣ ግብሩ 7,050 ብር፣ ጡረታው 1,820 ብር ተቀንሶ እጇ የሚገባው 17,130 ብር ነው። ያመለከተችበት የአስመጪ ድርጅት የሚጠብቁትን ደመወዝ እንዲጽፉ ጠይቋል። መጀመሪያ ያሰበችው 30,000 ብር ለመጻፍ ነበር፤ ክብ ቁጥር ነው፣ ደፋርም አይመስልም። ነገር ግን አሁን የምትሠራበት ድርጅት ጠዋትና ማታ በሰርቪስ ይወስዳታል፤ አዲሱ ድርጅት ሰርቪስ የለውም፣ የታክሲዋ ወጪ በእሷ ግምት በወር ወደ 1,800 ብር ይደርሳል። 30,000 ብር የተጣራው 19,450 ብር ሲሆን፣ የታክሲው ሲወጣበት 17,650 ብር ይቀራል። ሥራ ቀይራ፣ አዲስ የሙከራ ጊዜ ጀምራ፣ ከፍ ያለ ኃላፊነት ተሸክማ በወር የምታተርፈው 520 ብር ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ወለሉን እንደገና አሰላችው። አሁን እጇ የሚገባው 17,130፣ ለታክሲ 1,800፣ እውነተኛ ጭማሪ ብላ የምትቆጥረው ቢያንስ 1,700 ብር ሲደመር 20,630 ብር ይሆናል። ከዚህ 2,050 ተቀንሶ ለ0.58 ሲካፈል ወደ 32,000 ብር ይመጣል። ይህ ከዚህ በታች የማትቀበለው ወለል ነው እንጂ በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ቁጥር አይደለም። ለመደራደሪያ ቦታ ትታ 35,000 ብር ለመጻፍ ወሰነች፤ ይህም ቢሰጣት የተጣራው 22,350 ብር ነው።

ከወለሉ ላይ ምን ያህል ከፍ ማለት እንደሚገባ በቀመር አይታወቅም። በዚያው ዘርፍ የሚሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን መጠየቅ፣ ደመወዛቸውን በግልጽ የጻፉ ተመሳሳይ ማስታወቂያዎችን በጋዜጣና በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ለጥቂት ሳምንታት መከታተል የተሻለ መረጃ ይሰጣል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ለሰው ወሬ ነው፤ ሰው የደመወዙን መጠን ሲነግርዎ አበሉን ጨምሮ ይሁን ሳይጨምር፣ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ ጠይቀው ይለዩት።

የሥራ ልምድ ወረቀትዎ የሚናገረው

በአገራችን የሚዘነጋ አንድ ጉዳይ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ እንዲገልጽ ያዛል። በተግባርም አብዛኛው ወረቀት የደመወዙን መጠንና የሥራ ግብር ሲቆረጥ መቆየቱን ይጠቅሳል። እንግዲህ ይህን ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ያያያዘ ሰው አሁን የሚያገኘውን ደመወዝ ሳይጠየቅ ተናግሯል። ደብዳቤው ላይ 35,000 ብር፣ አባሪው ላይ 26,000 ብር ሲያይ፣ አጣሪው በልቡ ልዩነቱን ያሰላል።

ይህ ከፍ ያለ ቁጥር ላለመጠየቅ ምክንያት አይሆንም፤ ነገር ግን ልዩነቱን የሚያስረዳ አንድ ሐረግ ከቁጥሩ ጎን እንዲኖር ያስገድዳል። ምክንያቱ ከኑሮ ውድነት ሳይሆን ከሥራው ይነሣ። የኑሮ ውድነት የሁሉም አመልካች ችግር ስለሆነ አንዱን ከሌላው አይለይም፤ «ሥራው የሁለት ቅርንጫፎችን የግብር ሪፖርት የሚያካትት በመሆኑ» የሚለው ግን ማስታወቂያውን አንብቦ ያሰበበትን ሰው ያሳያል። አሁን የሚያገኙትን ደመወዝ ከፍ አድርጎ መናገር ደግሞ በዚህ ወረቀት ምክንያት በቀላሉ የሚጋለጥ ነው። አንድ አመልካች ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ የተናገረው ቁጥርና በማግሥቱ ያመጣው የልምድ ማስረጃ በስድስት ሺህ ብር ሲለያይ አይቻለሁ፤ ችሎታው ጥሩ ነበር፣ ግን ለገንዘብ ቤት የሚቀጠር ሰው ስለነበር ኮሚቴው ከዚያ በላይ መሄድ አልፈለገም።

የደመወዙ ዓረፍተ ነገር

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ቦታውም ከመዝጊያው አንቀጽ በፊት፣ ችሎታዎና ልምድዎ ከተገለጸ በኋላ ነው። ውስጡ ሊኖሩ የሚገባቸው ነገሮች ቁጥሩ፣ በወር መሆኑ፣ ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰበት መሆኑ፣ አጭር ምክንያትና ለመነጋገር ክፍት መሆንዎ ናቸው። የሒሳብ ባለሙያዋ የጻፈችው እንዲህ ይነበባል፦

> በማስታወቂያው በተጠየቀው መሠረት፣ የሥራ መደቡ የሁለት ቅርንጫፎችን የሒሳብና የግብር ሪፖርት የሚያካትት መሆኑን ከግምት በማስገባት፣ የምጠብቀው ደመወዝ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ በወር 35,000 ብር ሲሆን፣ ድርጅቱ ከሚሰጣቸው ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች ጋር በማገናዘብ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።

የመጨረሻው ሐረግ ለጨዋነት ብቻ የገባ አይደለም። ድርጅቱ 33,000 ብር ብቻ በጀት ይዞ፣ ነገር ግን ለቤተሰብ ጭምር የሕክምና ሽፋን የሚሰጥ ቢሆን፣ ይህች ሐረግ ስልክ ለመደወል በር ትከፍትለታለች። ያለ እሷ ቁጥሩ የመጨረሻ ቃል ሊመስል ይችላል።

ቁጥሩን በክልል፣ ማለትም «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ መስጠት ይቻላል፤ ሆኖም አሠሪ ክልሉን የሚያነበው ከታችኛው ጫፍ ነው። «ከ28,000 እስከ 40,000 ብር» ብለው ከጻፉ የጠየቁት 28,000 ነው። ክልል መስጠት ካስፈለገ ጠባብ ይሁን፣ ታችኛው ጫፍም ያለ ቅሬታ የሚቀበሉት ይሁን። እኔ አንድ ቁጥር እመርጣለሁ፤ አጣሪው በሠንጠረዡ ላይ የሚጽፈው አንድ ቁጥር ስለሆነ።

በኢንተርኔት በሚሞላ ቅጽ ላይ የደመወዙ ሳጥን ከቁጥር ሌላ የማይቀበል ከሆነ ዜሮ ወይም «1» አይሙሉ፤ እንዲህ ያለው መልስ ቁጥርን ተከትሎ በሚለይ ሥርዓት ውስጥ ከዝርዝሩ ሊያወጣዎት ይችላል። ጥቅሉን ቁጥር ይሙሉ፣ ማብራሪያውን በደብዳቤው ውስጥ ይተዉት። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆናቸውንም ያረጋግጡ።

ሥራ የሚለቁበት ጊዜ፦ ሕጉ የሚለውና ውልዎ የሚለው

በተለምዶ «ኖቲስ» የምንለውን በተመለከተ ሰው የሚያምታታው ሁለት ነገር ነው። አዋጅ 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛን ሲያሰናብት የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ በአገልግሎት ዘመን ይለያል፤ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ለሠራ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ለሠራ ሦስት ወር ነው። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ ግን የሚሰጠው የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አገልግሎቱ አምስት ዓመት ቢሆንም አሥራ አምስት ያው ነው። «አምስት ዓመት ስለሠራሁ ሁለት ወር ያስፈልገኛል» ብሎ በደብዳቤው ላይ የጻፈ ሰው ራሱን ያለ ምክንያት አዘግይቷል፤ በአስቸኳይ ሰው የሚፈልግ ድርጅት ለዚያ ተጨማሪ ወር ሲል ሌላ ሰው ሊመርጥ ይችላል።

የሙከራ ጊዜው ያላለቀ፣ ማለትም ከ60 የሥራ ቀናት ያልበለጠው ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። በሌላ በኩል የሥራ መሪዎች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ የእነሱን ጊዜ የሚወስነው በዋናነት ውላቸው ስለሆነ ሥራ አስኪያጅ ወይም የመምሪያ ኃላፊ የሆነ ሰው ቁጥሩን ከመጻፉ በፊት ውሉን አውጥቶ ያንብብ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛም የሚተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሆነ የሰው ሀብት ክፍሉን ይጠይቅ። በአሠሪው ወጪ ሥልጠና የወሰደና በምላሹ ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል የፈረመ ሰውም ያንን ግዴታ ማየት አለበት፤ በደብዳቤው ላይ ግን አይጻፍም፣ የቅጥር ንግግሩ ሲጠና የሚነሣ ጉዳይ ነው።

«ወዲያውኑ መጀመር እችላለሁ» የሚለው መልስ በሥራ ላይ ላለ ሰው እውነት አይደለም። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የለቀቀ ሠራተኛ ከ30 ቀን ደመወዝ ያልበለጠ ካሳ ሊከፍል ይችላል፤ በሒሳብ ባለሙያዋ ሁኔታ ይህ እስከ 26,000 ብር ድረስ ማለት ነው፣ ካልተከፈላት ቀሪ ክፍያም ላይ ሊቀነስ ይችላል። ገንዘቡ ቢቀር እንኳ አዲሱ አሠሪ መልቀቂያ መጠየቁ አይቀርም፤ ክሊራንሱን ሳይጨርስ የወጣ ሰው ደግሞ ያንን ወረቀት ይዞ መቅረብ ይቸገራል። ከዚህም ሌላ ልምድ ያለው የቅጥር ኃላፊ ያንን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ የሚያስበው «ነገ እኛንም እንዲሁ ይተወናል» ብሎ ነው።

የተወሰነ ቀን መጻፍም አይመከርም። «ሰኔ 1 ቀን መጀመር እችላለሁ» ያለ ሰው የቅጥር ሂደቱ በእሱ እጅ እንዳልሆነ ዘንግቷል፤ ፈተናውና ቃለ መጠይቁ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል። የሚጻፈው የቀናቱ ብዛትና ከምን ጀምሮ እንደሚቆጠር ነው፦

> በአሁኑ ጊዜ በሥራ ላይ የምገኝ በመሆኔ፣ የቅጥር ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ ለአሠሪዬ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠትና የሥራ ርክክብ በመፈጸም ሥራ መጀመር እችላለሁ።

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ክብደት ያለው ቃል «የቅጥር ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ» የሚለው ነው። በስልክ «ተመርጠሻል» መባል የቅጥር ደብዳቤ አይደለም። ደመወዙ የተጻፈበት፣ የተፈረመበትና ማህተም ያረፈበት ወረቀት ሳይዙ የመልቀቂያ ማመልከቻ ያስገቡ ሰዎች ከሁለት ያጣ ሆነው ሲቀሩ ማየት የተለመደ ነው።

ከ30 ቀኑ ለማሳጠር የሚቻለው ከአሁኑ አሠሪ ጋር በመስማማት ነው፤ እርስዎ ብቻዎን የሚወስኑት ስላልሆነ በደብዳቤው ላይ ቃል አይግቡበት። ማስታወቂያው «በአስቸኳይ» የሚል ከሆነ ግን «ከአሠሪዬ ጋር ከተስማማሁ ጊዜው ሊያጥር ይችላል» የሚል ሐረግ መጨመር ሐሰት ሳይሆን ፍላጎትን ያሳያል።

ርክክብ ያለበት ሥራ

ገንዘብ፣ ንብረት ወይም ሰነድ የሚይዝ ሰው የ30 ቀኑን ጊዜ ከርክክቡ ለይቶ ማየት አለበት። የሒሳብ ባለሙያዋ ያመለከተችው በግንቦት ነው። ድርጅቷ እንደ ብዙዎቹ የበጀት ዓመቱን ሰኔ 30 የሚዘጋ በመሆኑ፣ የቅጥር ደብዳቤው በሰኔ አጋማሽ ቢደርሳት ማስጠንቀቂያዋ የሚያልቀው ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ ሳያልቅ፣ ምናልባትም ቆጠራው ሳይረጋገጥ ነው። በሕግ 30 ቀኑ ካለቀ መሄድ ትችላለች፤ ነገር ግን በስሟ ያልተወራረደ ሒሳብ ከቀረ ክሊራንሱ ይጓተታል።

በደብዳቤው ላይ ይህን ሁሉ መተረክ አያስፈልግም፤ «የሥራ ርክክብ በመፈጸም» የሚሉት ቃላት ይበቃሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሲጠየቁ ግን «ሕጉ 30 ቀን ይላል፣ የዓመቱን መዝጊያ ለመጨረስ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ብታገሱኝ እመርጣለሁ» ማለት ቀጣሪን አያስከፋም። በተለይ የሒሳብ ሰው የሚቀጥር ድርጅት ሒሳቡን ጥሎ የማይሄድ ሰው ማግኘቱን እንደ ጥሩ ምልክት ያየዋል።

ሁለቱን መልሶች አብሮ ማስቀመጥ

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች በአንድ አጭር አንቀጽ ውስጥ ይቀመጡ፣ ደመወዙ አስቀድሞ፣ ጊዜው ተከትሎ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በምስጋና ይዘጋል። ከመላክዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ብቻ ያረጋግጡ፦ ቁጥሩ ጥቅል መሆኑ መገለጹን፣ በቅጹና በደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን፣ እንዲሁም ከአባሪው የሥራ ልምድ ማስረጃ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱን የሚያስረዳ ሐረግ መኖሩን።

የቅጥር ደብዳቤው እጅዎ ከገባ በኋላ የመልቀቂያ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ያስገቡ፤ በሚቀርልዎት ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ ቀን ጽፎ ማህተም እንዲያሳርፍበት ያድርጉ፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ የ30 ቀኑ መነሻ የሚረጋገጠው በዚያ ማህተም ነው። ነሐሴ ላይ የሚያስገቡ ከሆነ ጳጉሜንን መቁጠር አይርሱ፤ ነሐሴ 10 ቀን የገባ ማስጠንቀቂያ ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነበት ዓመት የሚሞላው መስከረም 10 ሳይሆን መስከረም 5 ቀን ነው።